ገንዘቡ በየትኛው ወር ይወጣል? የፕሮጀክት የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ዕቅድ አዘገጃጀት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ምክንያት በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ለአባል ማኅበራት ተወካዮችና ለአስተዳደር አካላት የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ፕሮጀክት ገንዘብ አያያዝ እንድናገር ሲጋብዘኝ ርዕሱ ሰፊ መሆኑን ስለማውቅ አንዲት ጥያቄ ብቻ መርጫለሁ። ጥያቄዋ «ፕሮጀክቱ ስንት ብር ይፈጃል?» የምትለው አይደለችም። ለእርሷ መልሱ በበጀቱ ላይ ተጽፏል፣ ጠቅላላ ጉባኤውም አጽድቆታል። የእኔ ጥያቄ «ገንዘቡ ከባንክ ሒሳባችን የሚወጣው በየትኛው ወር ነው?» የምትለው ናት። ብዙ ማኅበራት የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ መልሰው ሁለተኛውን ሳይጠይቁ ግንባታ ይጀምራሉ። ከዚያም በጀታቸው ሙሉ ሆኖ ሳለ ቼክ የሚጽፉበት ገንዘብ ያጣሉ።

ነገሩን በምሳሌ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተመረጡና ለስሌት እንዲመቹ ክብ የተደረጉ ናቸው፣ የማንንም ማኅበር ሒሳብ አይወክሉም። የእህል አምራች ዩኒየን በዚህ በክፍለ ከተማችን፣ በአየር ጤና አካባቢ፣ መጋዘንና መሸጫ ሱቅ ሊሠራ አስቧል እንበል። ቦታው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከበቾና ከቱሉ ቦሎ በኩል የሚመጣው ጤፍ በጅማ መንገድ ወደ ከተማዋ የሚገባው በዚሁ በአየር ጤና በኩል ነው፤ ተረካቢዎቹ የሸማቾች ማኅበራትም ሩቅ አይደሉም።

በጀቱ 12 ሚሊዮን ብር ነው። ለሕንፃ ተቋራጩ 8 ሚሊዮን፣ ለእህል ማበጠሪያ ማሽን፣ ለሚዛንና ለፓሌት 2 ሚሊዮን፣ ለኤሌክትሪክ መስመርና ትራንስፎርመር 600 ሺህ፣ ለአማካሪ መሐንዲሱ 400 ሺህ፣ ለፕሮጀክቱ አስተባባሪና ለጥበቃ ደመወዝ በወር 50 ሺህ ሒሳብ በዓመት 600 ሺህ፣ ለመጠባበቂያ 400 ሺህ ተይዟል። ገቢውም እንዲሁ 12 ሚሊዮን ነው፤ ከልማት አጋር ድርጅት በእርዳታ 5 ሚሊዮን፣ ከአባላት የዕጣ ሽያጭ 3 ሚሊዮን፣ ከባንክ ብድር 4 ሚሊዮን። ገቢና ወጪው እኩል ስለሆነ በወረቀት ላይ ምንም ጉድለት የለም።

አንድ ሒሳብ ሹም «የወር ዕቅድ አቅርብ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ምንድን ነው? 12 ሚሊዮኑን ለ12 ወር ያካፍላል፣ በየወሩ አንድ አንድ ሚሊዮን ይጽፋል። ይህ የማካፈል ስሌት እንጂ ዕቅድ አይደለም። ግንባታ እንደ ደመወዝ በየወሩ እኩል አይከፈልም።

ትክክለኛው ዕቅድ የሚጀምረው ከክፍያ ውል ነው። እያንዳንዱን ወጪ ይዘን «ሥራው መቼ ይሠራል?» ብለን ከጠየቅን በኋላ «ለዚያ ሥራ ቼኩ መቼ ይጻፋል?» ብለን እንደገና እንጠይቃለን። በዕቅዱ ላይ የሚሰፍረው የሁለተኛው መልስ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንዳንዴ ወደፊት፣ አንዳንዴም ወደኋላ ይሄዳል።

ተቋራጩን እንውሰድ። ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም ውል ይፈርማል። በውሉ መሠረት የቅድመ ክፍያ ዋስትና ሲያቀርብ 20 በመቶ፣ ማለት 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር፣ በጥቅምት ይከፈለዋል። በዚህ ጊዜ በቦታው ላይ አንድ ድንጋይ እንኳ አልተጣለም፤ ምናልባት ከአጠና ተራ የመጣ ጥቂት አጠና ብቻ ተደርድሯል። እዚህ ላይ ገንዘቡ ሥራውን ይቀድማል።

ከኅዳር በኋላ ደግሞ ይገለበጣል፣ ገንዘቡ ከሥራው ኋላ ይመጣል። ተቋራጩ በኅዳር 1 ሚሊዮን 200 ሺህ፣ በታኅሣሥ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ፣ በጥር 2 ሚሊዮን፣ በየካቲት 1 ሚሊዮን 600 ሺህ፣ በመጋቢት 1 ሚሊዮን 200 ሺህ፣ በሚያዝያ የቀረውን 400 ሺህ የሚያወጣ ሥራ ይሠራል ብለን እንያዝ። የኅዳር ሥራ በወሩ መጨረሻ ይለካል። አማካሪ መሐንዲሱ ልኬቱን መርምሮ የክፍያ ሰርተፊኬት ለመስጠት፣ ከዚያም የሥራ አመራር ኮሚቴው ተሰብስቦ ለማጽደቅና ሁለት ፈራሚዎች ቼኩን ለመፈረም በጠቅላላው አንድ ወር ይፈጃል እንበል። ስለዚህ የኅዳር ሥራ በታኅሣሥ፣ የታኅሣሡ በጥር ይከፈላል ማለት ነው።

መጠኑም ቢሆን የሥራው ሙሉ ዋጋ አይደለም። ከየሰርተፊኬቱ 20 በመቶ ለቅድመ ክፍያው መመለሻ፣ 5 በመቶ ደግሞ ተቋራጮች ሪቴንሽን ለሚሉት መያዣ ይቀነሳል። ለተቋራጩ የሚደርሰው 75 በመቶው ነው። የኅዳር 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ሥራ በታኅሣሥ 900 ሺህ ብር ሆኖ ይወጣል። በዚህ ስሌት ተቋራጩ በጥር 1 ሚሊዮን 200 ሺህ፣ በየካቲት 1 ሚሊዮን 500 ሺህ፣ በመጋቢት 1 ሚሊዮን 200 ሺህ፣ በሚያዝያ 900 ሺህ፣ በግንቦት 300 ሺህ ይቀበላል። የተያዘው መያዣ በጠቅላላው 400 ሺህ ብር ነው። ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ በግንቦት ይለቀቃል። ሌላው ግማሽ ከአንድ ዓመት በኋላ በመጨረሻው ርክክብ ይከፈላል፤ ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

ሌሎቹን ወጪዎች በአጭሩ ልለፋቸው። የማሽን አቅራቢው በጥር ትዕዛዝ ሲሰጠው 600 ሺህ፣ በሚያዝያ ሲያስረክብ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ይከፈለዋል። የኤሌክትሪክ ክፍያው ግምቱ እንደተሰጠን፣ መስመሩ ከመዘርጋቱ በፊት የሚከፈል በመሆኑ 600 ሺውን በሙሉ በየካቲት አስገብቼዋለሁ። አማካሪው ለዲዛይኑ 100 ሺህ በመስከረም፣ ለቁጥጥሩ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት በየወሩ 50 ሺህ ያገኛል። መጠባበቂያውን ለ12 ወር አልበተንኩትም። ያልታሰበ ወጪ በብዛት የሚመጣው መሠረት ሲቆፈርና ሕንፃው ሲጠናቀቅ ነው። ጥቁር አፈር ከተጠበቀው በላይ ጠልቆ ከተገኘ ቁፋሮውና ሙሌቱ ይጨምራል። ስለዚህ 200 ሺህ በታኅሣሥ፣ 200 ሺህ በሚያዝያ አስቀምጫለሁ።

አሁን ወደ ገቢው እንምጣ። እዚህም ጥያቄው «ማን ቃል ገባ?» ሳይሆን «ገንዘቡ መቼ በሒሳባችን ገባ?» ነው። አጋር ድርጅቱ ስምምነቱ ሲፈረም በመስከረም 2 ሚሊዮን ይሰጣል። ሁለተኛውን 3 ሚሊዮን የሚለቀው ከመጀመሪያው ገንዘብ 80 በመቶው በሥራ ላይ መዋሉን የሚያሳይ ሪፖርት ሲደርሰው ነው። በጥቅምት መጨረሻ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ስለሚወጣ ሁኔታው ይሟላል፣ ሪፖርቱም በኅዳር ይላካል። ምርመራው ሁለት ወር ከፈጀ ገንዘቡ በጥር ይገባል። የአባላት ዕጣ ደግሞ የመኸር እህል ሳይወቃና ሳይሸጥ አይሰበሰብም። ጥር 500 ሺህ፣ የካቲት 1 ሚሊዮን 500 ሺህ፣ መጋቢት 1 ሚሊዮን ብለናል። በጥቅምት ከገበሬ ዕጣ እሰበስባለሁ የሚል ዕቅድ ያወጣ ሰው የገበሬን ቤት አያውቅም።

የባንኩን ብድር ሆን ብዬ ለጊዜው አስቀርቼዋለሁ። ያለ ብድሩ ሒሳቡ በየወሩ መጨረሻ የት እንደሚደርስ ተመልከቱ። (በሺህ ብር)

| ወር | ገቢ | ወጪ | ቀሪ |
|---|---|---|---|
| መስከረም | 2,000 | 150 | 1,850 |
| ጥቅምት | 0 | 1,650 | 200 |
| ኅዳር | 0 | 50 | 150 |
| ታኅሣሥ | 0 | 1,200 | ጉድለት 1,050 |
| ጥር | 3,500 | 1,900 | 550 |
| የካቲት | 1,500 | 2,200 | ጉድለት 150 |
| መጋቢት | 1,000 | 1,300 | ጉድለት 450 |
| ሚያዝያ | 0 | 2,600 | ጉድለት 3,050 |
| ግንቦት | 0 | 600 | ጉድለት 3,650 |
| ሰኔ | 0 | 50 | ጉድለት 3,700 |
| ሐምሌ | 0 | 50 | ጉድለት 3,750 |
| ነሐሴ | 0 | 50 | ጉድለት 3,800 |

ይህች ሠንጠረዥ ከማንኛውም የበጀት ወረቀት በላይ ትናገራለች። ኅዳር ላይ 50 ሺህ ብቻ ወጥቷል፣ ሚያዝያ ላይ 2 ሚሊዮን 600 ሺህ። «በየወሩ አንድ ሚሊዮን» ያለው ዕቅድ ለሁለቱም ወራት ስሕተት ነበር። ከሁሉም በላይ ግን የመጨረሻውን ዓምድ እዩ። የመጀመሪያው ጉድለት የሚመጣው በታኅሣሥ ነው፣ መጠኑም 1 ሚሊዮን 50 ሺህ ነው። ትልቁ ጉድለት የሚከፈተው በሚያዝያ ነው፤ የተቋራጩ ክፍያና የማሽኑ ርክክብ በአንድ ወር ስለተገናኙ።

እንግዲህ ብድሩ መቼ ይወሰድ? አንዳንድ ኮሚቴዎች «ገንዘቡ በእጃችን ይሁን» በማለት ሙሉውን 4 ሚሊዮን በመስከረም ያወጣሉ። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ቢሆን 4 ሚሊዮን ብር በወር 50 ሺህ ብር ወለድ ይወልዳል። ከመስከረም እስከ ነሐሴ 600 ሺህ ብር ነው። ይህ የፕሮጀክቱን አስተባባሪና የጥበቃ ሠራተኞቹን የዓመት ደመወዝ ያህላል፣ በ12 ሚሊዮኑ በጀት ውስጥም አልተያዘም።

ዕቅዱን የተከተለ ኮሚቴ ግን ከባንኩ ጋር በየጊዜው እንደ ፍላጎቱ ለማውጣት ይዋዋላል። በታኅሣሥ መጀመሪያ 1 ሚሊዮን 100 ሺህ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ 2 ሚሊዮን፣ በግንቦት 700 ሺህ ያወጣል። የቀረውን 200 ሺህ ለመጨረሻው ርክክብ ይተወዋል። ወለዱን ብናሰላ፣ የታኅሣሡ ለ9 ወር 123,750 ብር፣ የሚያዝያው ለ5 ወር 125,000 ብር፣ የግንቦቱ ለ4 ወር 35,000 ብር፣ በድምሩ 283,750 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 316,250 ብር ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ወራትን በትክክል ከመደርደር ብቻ የተገኘ ገንዘብ ነው። ስሌቱን ቀላል ለማድረግ ጳጉሜን ትቼያታለሁ፤ ባንኩ ግን ወለድ በቀን ስለሚያስብ እርሷንም አይረሳትም።

«በታኅሣሥ ያስፈልገናል» ማለት ግን በታኅሣሥ ባንክ ቤት እንሄዳለን ማለት አይደለም። ማመልከቻ፣ የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ የመያዣ ግምትና ምዝገባ፣ የባንኩ የብድር ኮሚቴ ውሳኔ ሁሉ ጊዜ ይወስዳሉ። ይህ በእናንተ ባንክ ሦስት ወር የሚፈጅ ከሆነ ማመልከቻው በነሐሴ መጨረሻ፣ ውሉ ከተቋራጩ ጋር ከመፈረሙ በፊት መግባት አለበት። ስለዚህ በዕቅዱ ጎን አንድ ተጨማሪ ዓምድ አድርጉ። ለእያንዳንዱ ገቢ «ጥያቄው የሚገባበት ቀን» እና «ጠያቂው ማን ነው» የሚሉት ይጻፉበት። ያለዚህ ዓምድ ዕቅዱ የትንቢት ወረቀት ይሆናል።

አሁን ዕቅዱን እንፈትነው። በሠንጠረዡ ላይ ካሉት ገቢዎች በጣም አስጊው የትኛው ነው? እኔ የምፈራው የአጋር ድርጅቱን 3 ሚሊዮን ነው፣ በሌላ ሰው ምርመራ ላይ የተንጠለጠለ ነውና። በጥር መግባቱ ቀርቶ በመጋቢት ይግባ። የታኅሣሡን ብድር ወስደንም ቢሆን በጥር 1 ሚሊዮን 350 ሺህ፣ በየካቲት 2 ሚሊዮን 50 ሺህ ብር ይጎድለናል። ይህም የሆነው በጀቱ ሳይነካ፣ ማንም ሳያጠፋ፣ በሁለት ወር መዘግየት ብቻ ነው። ተቋራጩ የየካቲት ክፍያ ካላገኘ ብረቱን አይገዛም፤ ሥራው ወደ ሰኔ ዝናብ ይገፋል።

መድኃኒቱ ለሚያዝያ የታሰበውን 2 ሚሊዮንና ለግንቦት ከታሰበው ጥቂቱን ከጥር ጀምሮ ለማውጣት እንዲቻል የባንኩን ውል አስቀድሞ መዋዋል ነው። ዋጋው የሁለትና የሦስት ወር ተጨማሪ ወለድ ብቻ ነው። ብድሩ ሲመጣ ገንዘቡን ወዲያው ባናወጣውም እንኳ ማውጣት መቻላችን ከጥር በፊት መረጋገጥ አለበት። ይህን ያወቅነው ሠንጠረዡን አንድ ጊዜ በመጥፎ ግምት ስለሠራነው ነው። ለቦርዱ ሲቀርብም ሁለቱም፣ መልካሙና መጥፎው፣ ጎን ለጎን ይቅረቡ እላለሁ።

ከአጋር ድርጅቶች ጋር በተያያዘ የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ላንሳ፣ ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ ጭቅጭቅ ያስነሳች ናትና። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የብዙ የውጭ ድርጅቶች ዓመት ደግሞ በፈረንጆች ጥር 1 ይጀምራል፤ ይህም በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ነው። «የመጀመሪያው ሩብ ዓመት» ሲሉ ከታኅሣሥ 23 እስከ መጋቢት 22 ያለውን ማለታቸው ነው። የእኛ ሒሳብ ሹም ግን የጥርን፣ የየካቲትንና የመጋቢትን ሒሳብ ዘግቶ ይልካል። የስምንት ቀን ደረሰኞች አይገጥሙም፣ ሪፖርቱ ይመለሳል፣ የ3 ሚሊዮኑ ክፍያ ይዘገያል። ሪፖርቱ በሚላክበት ወር ደረሰኞቹን በእነርሱ ቀን ቆርጦ መያዝ ይህን ያስቀራል።

የተከበራችሁ የወረዳና የክፍለ ከተማ ኃላፊዎች፣ በመሥሪያ ቤቶቻችሁ የወር የጥሬ ገንዘብ ፍላጎት ዕቅድ አዲስ ነገር አይደለም። በ2001 የወጣው የፌዴራል መንግሥት የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001 ከወጣ ወዲህ የምታውቁት አሠራር ነው። እኔ የማነሳው ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ ያልተጻፈ፣ ግን ሁሉንም የሚያንቀሳቅስ አንድ ቀን አለ፤ የግንባታ ፈቃዱ የሚሰጥበት ቀን። ፈቃዱ በመስከረም ፈንታ በኅዳር ቢሰጥ የተቋራጩ ክፍያዎች በሙሉ ሁለት ሁለት ወር ይሸጋሸጋሉ። ትልቁ የሥራ ወር ጥር መሆኑ ቀርቶ መጋቢት ይሆናል፣ ማጠናቀቂያው በሰኔ ይወድቃል። የማሽኑ አቅራቢ ግን በሚያዝያ መጥቶ «ተረከቡኝ፣ ክፈሉኝ» ይላል፤ ጣሪያ በሌለው ቤት ማሽን ለማስቀመጥ። ስለዚህ የማሽኑ ትዕዛዝ በወር ስም ሳይሆን «ጣሪያው በተከደነ በዚህን ያህል ሳምንት» ተብሎ ከሥራው ደረጃ ጋር ይታሰር። ዕቅዱን ስታዘጋጁ የፈቃዱን ቀን በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ጻፉት፣ ኃላፊዎቹም ይዩት።

ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ በፋይል ውስጥ ከተቀመጠ ዋጋ የለውም። በየወሩ መጀመሪያ፣ የባንኩ መግለጫ እንደመጣ፣ ከዕቅዱ ጎን የተፈጸመው ይጻፍ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በጥር 1 ሚሊዮን 900 ሺህ ታቅዶ 700 ሺህ ብቻ ወጣ እንበል። ኮሚቴው «1 ሚሊዮን 200 ሺህ ቆጠብን» ብሎ ይደሰታል፤ አንዳንዴም ገንዘቡን ለእህል ግዥ ያዘዋውረዋል፣ ወሩ የእህል መግዣ ነውና ፈተናው ቀላል አይደለም። ግን ለምን አልወጣም? አማካሪው ሰርተፊኬቱን ስላልፈረመ ብቻ ነው። ሥራው ተሠርቷል፣ ዕዳው አለ። በየካቲት የሁለት ወር ክፍያ በአንድነት፣ 3 ሚሊዮን 400 ሺህ ሆኖ ይመጣል።

ስለዚህ በዕቅድና በክንውን መካከል ልዩነት ሲታይ ሒሳብ ሹሙ ከጎኑ አንድ ቃል ይጻፍ፤ «ዘገየ» ወይም «ቀረ»። «ዘገየ» የተባለው ወደሚቀጥለው ወር ይዛወራል፣ የወሩም ቀሪ እንደገና ይሰላል። «ቀረ» የሚባለው ዋጋው በእርግጥ ሲቀንስ ወይም ሥራው ሲሰረዝ ብቻ ነው፤ ለዚህም ደብዳቤ ወይም የተሻሻለ ውል መኖር አለበት። የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት ሌላውን ሁሉ መመርመር ባትችሉ እንኳ ይህችን ቃል መርምሩ። የትኛው ሰርተፊኬት በማን ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን እንደቆየ ጠይቁ፣ መልሱን ከአማካሪው መዝገብ ታገኙታላችሁ።

ወደ መያዣው እመለሳለሁ ብዬ ነበር። የመጨረሻው 200 ሺህ ብር የሚከፈለው በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ነው። የፕሮጀክቱ ዓመት ያኔ አልቋል፣ ሪፖርቱ ተዘግቷል፣ አስተባባሪው ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል፣ የሥራ አመራር ኮሚቴውም ተለውጦ ሊሆን ይችላል። በሠንጠረዡ የነሐሴ ጉድለት 3 ሚሊዮን 800 ሺህ ሆኖ ብድሩ 4 ሚሊዮን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነቱን «ትርፍ» ብሎ የሚያስብ ካለ የተቋራጩን ገንዘብ እየቆጠረ ነው። ዕቅዱ በ12ኛው ወር እንዳይቆም ከነሐሴ በታች «የሚቀጥለው ዓመት ግንቦት፣ የመጨረሻ ርክክብ፣ 200 ሺህ» የሚል አንድ ረድፍ ጨምሩ። በዚያ ዓመት ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ተቋራጩን ለጥገና የሚጠራው ይኸው ገንዘብ ነው። ከርክክቡ በፊት አንድ ሙሉ ክረምት ማለፉን አረጋግጡ፣ የመጋዘኑን ማዕዘኖችና የሱቁን ወለልም ከዝናብ በኋላ ሄዳችሁ እዩ፤ ቼኩም ከዚያ በኋላ ይፈረም።